የቲጃኒ ምራቂ

ጅማ ውስጥ፣ ሄርማታ ገበያ ጀርባ፣ የመስጊዱን ግንብ ተደግፋ የቆመችው የቲጃኒ ሱቅ በሯ ላይ ምንም አልተጻፈም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ስም ኖራለች። የተበላሸ ዕቃ ያለው ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ ዕቃው ያልተበላሸበትም ቢሆን ቲጃኒ አንዴ ከነካለት በኋላ ያውቀዋል።

ይህን የምለው በክፋት አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ የካሴት ማጫወቻዬን ጠግኖልኛል። ከተጠገነ በኋላ በግራ በኩል ብቻ ይሰማ ነበር። ስወጣ ግን አንድ ክንድ የሚያህል ሽቦ ጠቅልሎ እጄ ላይ አኖረና «ምራቂ ነው፣ ያዝ» አለኝ። ሽቦው ለምን እንደሚሆን ዛሬም አላወቅሁም። ማጫወቻው የለም፤ ካሴቶቹ የሉም፤ አብራኝ ታዳምጥ የነበረችውም ልጅ የለችም። ሽቦው አለ።

እህል ሻጭ ስፍሩን ሞልቶ አንድ እፍኝ ይመርቃል። ቲጃኒ የሚመርቀው ኬብል ነው። ጥግ ላይ የቆመው የቡና ጆንያ የከተማው የሞቱ መሣሪያዎች ሁሉ ጅማት የተቀበረበት ነው፤ ከሱቁ ባዶ እጁን የወጣ ደንበኛ የለም። የሙያው ሕግም አንድ ነው፤ «ከገባ ይሠራል»። በዚህ ሕግ ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ኮምፒውተር ተሻግሯል። በአብዛኛው ገብቷል፤ አንዳንዴም ሠርቷል።

ባለፈው ዓመት የሟች ወንድሙ ልጅ ረይሃና ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ላይ ጌም ቤት ከፈተች። ስድስት ኮምፒውተር፣ ስድስት ትልልቅ ሞኒተር፤ ሞኒተሮቹም ሥዕሉን በሰከንድ መቶ አርባ አራት ጊዜ የሚያድሱ ናቸው። ተራው ሞኒተር ስልሳ ጊዜ ነው የሚያድሰው። ለእኔ ዓይን ስልሳውም ትርፍ ነው፤ ጠላት ከግድግዳ ጀርባ ብቅ ሲል ቀድሞ መተኮስ ለሚፈልግ ወጣት ግን ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው፤ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ዙር ድረስ።

ገጣጥሞ የሰካው ቲጃኒ ነው። ረይሃናም አጎቷን ልታከብር፣ በሩ ላይ ባሰቀለችው ትልቅ ሰሌዳ «144 ሄርዝ» ከሚለው ሥር «ቴክኒክ፦ ቲጃኒ» አስጻፈች። ሰውዬው በሕይወቱ ስሙ በቀለም ተጽፎ ያየው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ከሄርማታ የትም ሲሄድ በጅሬን መንገድ ነው የሚዞረው። ወደ መናኸሪያ ሲሄድም ጭምር፤ መናኸሪያው በዚያ በኩል አለመሆኑን እንዳይነግሩት።

ነገሩ የፈረሰው ረቡዕ ነው። ቅዳሜ ከአጋሮ የሚመጣ ቡድን ሦስት ለሦስት ሊገጥም ቀጠሮ ይዟል፤ ውሉ ላይ ሁሉም ስክሪን መቶ አርባ አራት እንዲሆን ተጽፏል። ከቤቱ ተጫዋቾች አንዱ ፍሬዘር የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ የስክሪን ፍጥነት መለኪያ ከፈተና ስድስቱንም ዞሮ አየ።

«ረይሃና፣ ስልሳ ነው።»

«የቱ?»

«ሁሉም። ሰሌዳሽ ብቻ ነው መቶ አርባ አራት የሚሠራው።»

ቲጃኒ ተጠራ። ጆንያውን ተሸክሞ መጣና አንድ በአንድ ኬብል ቀየረ። ስልሳ። ፍሬዘር ከመኝታ ክፍሉ እንደ ገመድ የተጎነጎነ፣ ጫፉ በወርቅ ቀለም የተቀባ ወፍራም ኬብል አመጣ፤ እሱም እንደ ቲጃኒዎቹ ኤችዲኤምአይ የሚባለው ነው። ስልሳ፤ በወርቅ።

«ዓይናችሁ ነው» አለ ቲጃኒ። «ገብቷል፣ ሥዕል ያሳያል፤ ሌላ ምን ያድርግ?»

ረይሃና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አቤራ፣ አባቴን ያህል ነው የማከብርዎት። እስከ ቅዳሜ ካልሆነ ግን ከአዲስ አበባ ሰው አስመጣለሁ። ያን ጊዜ በሰሌዳው ላይ የሚኖረው የሠራው ሰው ስም ነው።»

አቤራ ማለት በኦሮምኛ የአባት ወንድም ነው። በዚያች ቃል ተጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ከስድብ ይብሳል። ቲጃኒ ጆንያውን ጥሎ ወጣ። ሲወጣ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አላየም።

ሐሙስ ጠዋት ፍሬዘር «የሞኒተሮቹ ካርቶን የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ረይሃና ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን ከፈተች። ካርቶኖቹ ከነፕላስቲካቸው ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ካርቶን ውስጥ መመሪያ፤ ከመመሪያው ሥር አዲስ ጥቁር ኬብል፣ በላስቲኩ እንደታሰረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አብሮ የመጣ ነው። አዲስ ስለሆነ እንዳይበላሽ አቤራ አስቀምጪው አሉኝ። የሰኩት ከራሳቸው ነው፣ በምራቂ።»

ፍሬዘር መመሪያውን አንስቶ ገለጠ። ከዚያ ቲጃኒን አስጠርቶ መመሪያውን ጮክ ብሎ አነበበ። በኤችዲኤምአይ ከገባ፣ ይህ ሞኒተር በሙሉ የሥዕል መጠኑ ስልሳ። በዲስፕሌይፖርት ከገባ መቶ አርባ አራት።

«ኬብሉ ወርቅ ቢሆንም?» አለ ቲጃኒ።

«አልማዝ ቢሆንም። ጠባቡ የሞኒተሩ መግቢያ ነው፤ የድሮ ኤችዲኤምአይ ነው የተገጠመለት። የዚህን ሞኒተር ፍጥነት የሚችለው ይሄኛው መሰኪያ ነው፤ አንድ ማዕዘኑ የተቆረጠው። ሥዕሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድም ሦስት አለው።»

ግራፊክስ ካርዱ ከኋላ ታየ። እውነትም ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም አቧራ እንዳይገባ የጎማ ክዳን እንደተደፋባቸው። ቲጃኒ ትርፍ ናቸው ብሎ እንዲያርፉ ትቷቸዋል። ስድስተኛው ኮምፒውተር ዘንድ ሲደርሱማ ፍሬዘር ተንበርክኮ ቀረ።

«ጋሽ ቲጃኒ፣ ይሄ እኮ ካርዱ ላይ ጭራሽ አልተሰካም። ማዘርቦርዱ ላይ ነው የሰኩት። ካርዱ ከተገዛ ጀምሮ ፈቃድ ላይ ነው።»

«እዚያም ገባ» አለ ቲጃኒ። ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ያ ኮምፒውተር ሲንተፋተፍ ጂን አለበት ብሎ ቁርዓን ያስቀራለት እሱ ነው።

አዲሶቹን ኬብሎች ሰኩ። ጫፉ ሲገባ ቀጭ ይላል፤ ለማውጣት ትንሿን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። ቲጃኒ ቀጭታዋን ወደዳትና ሦስት ጊዜ ሰክቶ ነቀለ። መለኪያው ተከፈተ። ስልሳ።

«ይኸው!» አለ፤ ፊቱ በራ። «አላልኳችሁም? ዓይናችሁ ነው!»

ፍሬዘር የስክሪኑን ማስተካከያ ከፍቶ የፍጥነቱን ዝርዝር ወደ ታች ሳበ። ትናንት ስልሳ ላይ ያልቅ የነበረው ዝርዝር አሁን መቶ አርባ አራት ድረስ ወርዷል። ኮምፒውተሩ ግን ማንም ስላላዘዘው ስልሳ ላይ ተቀምጧል። መረጠለት። ስክሪኑ ጠቁሮ ተመለሰ። 144።

አምስቱ እንዲህ ሆኑ። ለስድስተኛው ኬብል አልተገኘም፤ ካርቶኑ ውስጥ መመሪያ ብቻ ነበር። ረይሃና አጎቷን አየችው። ቲጃኒ ጣሪያውን አየ።

«ዳባ» አለ ቀስ ብሎ። «ካርቶኑን የፈታን ዕለት፣ የሰቃው ዳባ ፕሪንተሩን ሊወስድ መጥቶ ነበር።»

«እና?»

«ባዶ እጁን ይሂድ?»

በጅማ ሱቆች እንዲህ ያለ ኬብል ተጠይቆ ሁሉም ያቀረበው ኤችዲኤምአይ ነው፤ ሁሉም «ያው ነው» ብሏል። ከአዲስ አበባ ቢላክ የሚደርሰው ሰኞ ነው። የቀረው አንድ መንገድ ነበር፤ ቲጃኒ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀው። ምራቂ ማስመለስ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በሚኒባስ ሰቃ ወረደ። ዳባ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ መዝገብ ያዥ ነው፤ ቢሮው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፕሪንተርና የዛሬ ሁለት ዓመት የቀን መቁጠሪያ አለው። ቲጃኒ ሰላምታውን አስረዘመ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቡናው አበባ ጠየቀ።

«ቲጃኒ፣ ምን ሆነሃል?» አለ ዳባ። «እንዲህ የምትጠይቀኝ ሰው የሞተብኝ ይመስል።»

«ያ ኬብል... የሰጠሁህ...»

«እ፣ እሱ?» ዳባ በእጁ አመለከተ። ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ፣ ምስማር ላይ፣ በላስቲኩ እንደታሰረ ተንጠልጥሏል። «ምንም ላይ አይገባም። ግን አዲስ ስለሆነ አሳዘነኝ፤ እንዳይበላሽ ሰቀልኩት።»

«እፈልገዋለሁ።»

ዳባ መነጽሩን አወለቀ። «ምራቂ ይመለሳል እንዴ?»

«አይመለስም።»

«ታዲያ?»

«ስሜን ሊፍቁት ነው፣ ዳባ።» ከዚያ ሁሉንም ነገረው፤ ስለ ጎማ ክዳኖቹ፣ ስለ ጂኑ፣ ስለ ወርቁ ኬብል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ከገባ ይሠራል» ሲል የኖረ ሰው፣ የሚገባውና የሚሠራው ሁለት መሆናቸውን ለሰቃ መዝገብ ያዥ ተናገረ። ዳባ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ኬብሉን ከምስማሩ አወረደና ከመሳቢያው አንድ ፌስታል ጥሬ ቡና አውጥቶ ደረበበት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምራቂ። አንተ ብቻ ነህ እንዴ?»

ቅዳሜ የአጋሮዎቹ አለቃ ሔራን የምትባል ቀጭን ልጅ ነበረች። ለማንም ፈገግ ሳትል ስድስቱንም ስክሪን በመለኪያዋ አየች። ስድስተኛው ላይ ቆየች። ማውሱን በክብ አዞረች፤ ቀስቱ ሳይንተፋተፍ ፈሰሰ።

«ማነው የሰካው?»

ፍሬዘር አፉን ሊከፍት ሲል ረይሃና እግሩን ረገጠችው።

«እኔ ነኝ» አለ ቲጃኒ። «መጀመሪያም፣ ሁለተኛም።»

«ንጹሕ ነው» አለችና ተቀመጠች። ረይሃና ስለ ሰሌዳው ያን ቀንም ከዚያ በኋላም አንድ ቃል አላነሳችም። ጨዋታውን አጋሮዎች አሸነፉ፤ ፍሬዘር እስካሁን የወንበሩ ከፍታ ነው ይላል።

እኔም ጨዋታውን ልይ ብዬ ሄጄ ነበር፤ ቲጃኒ ከአጠገቤ፣ ከኋላቸው ቆሞ ሁሉንም አየ። ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «እውነቱን ልንገርህ፣ ልዩነቱ አይታየኝም» አለኝ። እኔም አይታየኝም። አንድ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ለማየት ሰፈሩ በሙሉ በመስኮት በተጋፋበት ዘመን የሠለጠነ ዓይን ነው ያለን፤ ስልሳም ለኛ ብዙ ነው።

አጋሮዎቹ ሲወጡ ሔራን በሩ ላይ ቆም አለች። «ጋሼ፣ ምራቂ ይሰጣሉ ሲሉ ሰማሁ።»

እጁ በልማድ ጆንያው ውስጥ ገባ። እዚያው ቆየ።

«ካርድሽ ላይ ያለው መሰኪያ የትኛው ነው?» አለ። «ሞኒተርሽስ?»

በዚህ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ደንበኛን ሲጠይቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ነገረችው። ጆንያውን እስከ ሥሩ በረበረ፤ የሚሆናት አላገኘም። ባዶ እጇን እንዳትሄድ ከዳባ ቡና አንድ እፍኝ ወረቀት ላይ ጠቅልሎ ሰጣት። ከዚያ እስከ ደጅ ሸኛትና፣ እሷ ታክሲ ውስጥ ከገባችም በኋላ፣ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ቀረ።