የዳነው ዘይቱ ነው

ትራንስፎርመር በድንገት ተቃጠለ ሲባል አይመኑ። ዓመታት ሲያስጠነቅቅ ኖሮ ነው የሚቃጠለው። ይህን የማውቀው መጻፍ ሳልጀምር ልደታ ውስጥ የአንድ ሰብስቴሽን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የጥገና መሐንዲስ ስለነበርኩ ነው።

አንድ ቀን የአንዱ ትራንስፎርመራችን ማቀዝቀዣ ዘይት ምርመራ ውጤት ሲመጣ፣ ውስጥ ያለውን የመዳብ ጥቅልል የሸፈነው ወረቀት ክፉኛ ማርጀቱን አመለከተ፤ ወረቀቱ ሲያረጅ ርዝራዡ ዘይቱ ውስጥ ይገባልና። መስመር ላይ ከባድ ሾርት ቢፈጠር ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ ሰፈሩም ለወራት ጨለማ ይሆናል። ስለዚህ ይቀየር ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ሪፖርት አቀረብኩ። እሳቸው እንደ መሥሪያ ቤታችን ልማድ ዘይቱ እንዲጣራ አዘዙ። ተጣርቶ እንደገና ሲመረመር ውጤቱ እንደ አዲስ ዘይት ሆነ።

"ይኸው ዳነልህ!" አሉኝ እየሳቁ።

"ጋሼ፣ የዳነው ዘይቱ ነው። ወረቀቱ ያው ነው። በሽተኛውን ገላውን አጥበን ጤነኛ ነው አልን እኮ!"

"አንተ ደግሞ ወሬ ታሳምራለህ። ለመሆኑ ወረቀቱን አይተኸዋል?"

አላየሁትም ነበር። ለጥገና ኃይል በተቋረጠበት ቀን ዘይቱን ዝቅ አድርገን ክዳኑን ከፈትን፤ ከአንዱ መውጫ ሽቦ መጠቅለያ ላይም ቁራጭ ወረቀት ቆረጥኩ። ቢሯቸው ይዤው ሄድኩ።

"እስቲ ጣትዎ ላይ ይጠምጥሙት።"

ገና ሲጀምሩት ተፈርፍሮ ግራጫ ኮታቸው ላይ ረገፈ። ኮታቸውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ሪፖርቱን ስበው ፈረሙ።

"ኮቴን ግን አንተ ታሳጥበዋለህ" አሉኝ።

በደስታ አሳጠብኩት። እርስዎም ጠረጴዛዎ ላይ "ይቀየር" የሚል ሪፖርት ካለ፣ ዘይት ማጣራቱን ይተዉና ይፈርሙ።