የሠላሳ ሦስተኛው ቀን ደብዳቤ

በግንባታው ሥፍራ «እመት ቀን» ይሏታል። ሲሚንቶ ይግባ፣ ዝናብ ይውረድ፣ ሠራተኛ ይቅር፣ ቀኑን ሳትጽፍ አታልፍም። የተቋራጩን መዝገብ ዘጠኝ ዓመት ይዛለች። እያወቀች የተሳሳተ ቀን የጻፈችው አንዴ ብቻ ነው፤ ዛሬ ከግልግል ዳኞች ፊት የሚቀርበው እሱ ነው።

ሕንፃውን የሚያስገነባው አሠሪ መሠረቱ እንዲለወጥ በጽሑፍ አዘዘ። ለውጡ ሥራውን አርባ ሰባት ቀን አዘገየ። ተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያ ለማግኘት መዘግየቱን ባወቀ በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ በደብዳቤ ማሳወቅ ነበረበት። ደብዳቤው የሄደው በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ነው። የተቀባዩ ማኅተም ግን ቀን የለውም፤ ቀኑን የሚያሳየው የእሷ መዝገብ ብቻ ነው።

«ሃያ ስድስተኛ ብለሽ መዝግቢው» አላት የተቋራጩ ሥራ አስኪያጅ፣ የእህቷ ባል። የምትኖረው እሱ ቤት ነው። መዘገበችው። ለምን እንቢ አላለችም የምትሉ ካላችሁ፣ እናንተ በማን ቤት እንደምታድሩ መጀመሪያ ንገሩኝ።

አሠሪው ማራዘሚያውን ስለከለከለ ጉዳዩ ወደ ግልግል ሄዷል። ማስረጃው ተሰምቶ አልቋል፤ ዛሬ የማጠቃለያ ክርክር ነው። ሦስቱ የግልግል ዳኞች ከረጅሙ ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠዋል። እሷ ከተቋራጩ ጠበቃ ጀርባ ሆና ጥራዝ ታቀብላለች።

«ማሳወቂያው በጊዜው ደርሷል» አለ ጠበቃው። «ለዚህም የደብዳቤ መዝገቡን እንመልከት።»

እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ጥራዙን አልሰጠችውም። ደረቷ ላይ አቀፈችው። ዳኞቹ ጠበቁ።

«ስጪው እንጂ» አለ አጠገቧ የተቀመጠው የእህቷ ባል በሹክሹክታ።

«ጋሼ፣ አልችልም።»

ቁራጭ ወረቀት ላይ «ቀኑ ሐሰት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ለጠበቃው ሰጠችው። አነበበና አሥር ደቂቃ ዕረፍት ጠየቀ።

በመተላለፊያው ላይ የእህቷ ባል ዓይኑን አፈጠጠባት። «ያበላሁሽ እጅ ነው የነከስሽው?»

«ተዋት» አለ ጠበቃው። «ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ዳኞች ፊት አልጠቅሰውም። ወይ ቀኑን እንተወዋለን፣ ወይ እኔ እወጣለሁ።»

«ያለ እሱ ምን ቀረን?»

«በሃያኛው ቀን የአሠሪው አማካሪ መሐንዲስ የፈረመበት ቃለ ጉባኤ አለ፤ መዘግየቱ ተጽፎበታል። ማሳወቂያ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ይቀበሉት አይቀበሉት ዳኞቹ ናቸው የሚያውቁት።»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እንዳልክ» አለ።

ሲመለሱ ጠበቃው፣ «ክቡራን ዳኞች፣ በደብዳቤ መዝገቡ ላይ ያለውን ቀን ትተነዋል፤ አትመኑት» አለ። የአሠሪው ጠበቃ ብዕሩን አነሣና መጻፍ ጀመረ። ሰብሳቢዋ ዳኛ ቀና ብላ ወደ ኋላው ወንበር ስታይ፣ እመት ቀን ጥራዙን ዘጋች።

ጠበቃው በቃለ ጉባኤው ተከራከረ፤ ከዚያ የለውጥ ሥራው ክፍያ ክርክር ቀጠለ፤ ለእሱ አሠሪው የፈረመው ትእዛዝ አለ። ውሳኔው በጽሑፍ እንደሚላክ ተነግሮ ሁሉም ተነሣ።

የእህቷ ባል ሳያያት ወጣ፤ ከታች መኪናው ሲነሣ ሰማችው።

«ማን ይወስድሻል?» አላት ጠበቃው ጥራዞቹን እየሰበሰበ።

«ወዴት?» አለች።