ፎይሉን ማን በሳው?

አትጠገብ ሰው አታምንም። በጾም ወጥ የታወቀች ትንሽ ምግብ ቤት ኮምቦልቻ ውስጥ አላት፤ በርበሬውንም ጨውንም ራሷ ናት የምትለካው። ድስቱን የምታጥበው ሠራተኛዋ ሐዋ ብትሆንም እትዬዋ ቆማ ታያለች። የራሷ ፊት ድስቱ ላይ ካልታያት «ድገሚው!» ነው፤ ሐዋም በአሸዋ ትፈትጋለች።

በ1998 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የቲማቲም ስልሷ መበላሸት ጀመረ። ማታ ሠርታ፣ ጨውና ሎሚውን ጠንከር አድርጋ፣ በአልሙኒየም ድስቱ እንዳለ ስስ የአልሙኒየም ፎይል አልብሳ ታሳድረዋለች። ጠዋት ስትገልጠው ስልሱን የነካው ፎይል በመርፌ እንደተወጋ ተበሳስቷል፣ ወጡም ብረት ብረት ይላል። ደንበኞች ሳህኑን እየገፉ ይወጡ ጀመር።

የወጥ ቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ ያለው ሐዋ ዘንድ ነው። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለች አትጠገብ። በቀዳዳው መድኃኒት እያንጠባጠበች መሆን አለበት! መጀመሪያ በልቧ ያለችውን ኋላ ለጎረቤት፣ ለማኅበርተኞቿና ለቲማቲም ሻጮቹ ሁሉ ነገረች። መርዙ እንዲለቅ ብላ ድስቱን አብዝታ አስፈተገች፤ ወጡ ግን ባሰበት።

«ወላሂ እትዬ፣ አልነካሁም! በሸክላው ድስት ያሳደሩት ወጥ እኮ ደህና ነው። ነገሩ ከድስቱ ነው» አለች ሐዋ።

«ድስት እጅ አለው እንዴ?» ብላ አባረረቻት።

ቁልፉን ለወጠች። ድስቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ጠዋት ፎይሉ ተበሳስቶ አገኘችው። ያን ጊዜ በእውነት ፈራች።

ከደሴ እየተመላለሰች የምትሠራው ነርስ ሊድያ ለምሳ ስትመጣ ፎይሉን አሳየቻት።

«ማንም አልበሳውም። ኮምጣጣና ጨዋማ ነገር አልሙኒየምን ይበላዋል። ድስቱም ላይ የሚጠብቀው ስስ ሽፋን አለ፤ በአሸዋ ሲፈትጉት እሱን ነው የሚልጡት» አለች ሊድያ።

«እና ሰው ስመርዝ ነው የከረምኩት?»

«እንደሱ አይደለም። ወደ ሰውነት የሚገባው ጥቂት ነው፤ ጤነኛ ሰው ያንንም በሽንቱ ያወጣዋል። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ግን መጠንቀቅ አለበት። ዋናው ጥፋት ማሳደሩ ነው። ስልሱን በሸክላ ወይም በማይዝግ ብረት ድስት ይሥሩት፤ ፎይሉንም ትተው በሳህን ይክደኑት።»

አትጠገብ ይህንንም በቀላሉ አላመነችም። በሸክላ ድስት ሠርታ፣ ሳህን ከድና አሳደረችው። ጠዋት ስትቀምሰው ቲማቲሙ ቲማቲም ነው። እዚያው ቆማ እንባዋ መጣ።

ሐዋን ያገኘቻት ቤቷ ደጃፍ ልብስ ስታጥብ ነው። ሦስት ምግብ ቤት ሥራ ጠይቃ ሦስቱም መልሰዋታል።

«ሐዋ፣ ድስቱ ነው። አንቺ አይደለሽም። ይቅር በይኝ።»

ሐዋ ልብሱን ጨመቀች። «ለኔ ምን ይነግሩኛል፣ እትዬ? እኔማ አውቀው ነበር። ለነገሯቸው ይንገሯቸው።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አትጠገብ ለማን ለማን እንዳወራች ለማስታወስ ሞከረች፤ መቁጠሩ አቃታትና በቲማቲም ሻጮቹ ለመጀመር ወደ ገበያው ወረደች።