ኢድና ፋሲካ በአንድ ሳምንት

አባቴ ወረታ ውስጥ ልብስ ሲሸጡ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት ሲጎድለኝ ከባንኮኒያቸው ኋላ ቆምኩ፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣሁም። ዛሬ ሰው “ሱቃችሁ ምን ነካው?” ሲለኝ “መንገዱ ተዘግቶ ነው” ብል ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ቀላሉ መልስ እሱ ነው። እኔን ግን ያንገሸግሸኛል። መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት መሳቢያችን ባዶ ነበር።

በፎገራ ሜዳ ልብስ የሚሸጠው ሩዝ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሩዙ ታጭዶ ይወቃል፣ ገበሬው ብር ይይዛል። ከዚያ ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ መግቢያ ሠርግ በሠርግ ነው። ያኔ ሱቅ ውስጥ መቆሚያ አይገኝም። ሁዳዴ ሲገባ ክርስቲያኑ ደንበኛ ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ ይመለሳል፤ የተረፈው ሠርግ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ሰኔ ላይ በገጠር ያለው ብር ሁሉ ማዳበሪያ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል፤ ከሜዳው መንደር ከቁሐር ሚካኤል የሚመጣ ሰው ቢገኝ እንኳ የሚፈልገው ቦቲ ጫማና ላስቲክ ነው፤ እኛ ሁለቱንም አንሸጥም። መስከረም ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ትንሽ ያስተነፍሳል። ከዚያ እንደገና ሩዙን መጠበቅ ነው።

ስለዚህ ልብስ ነጋዴ ክረምትን የሚገባው ዕቃ ይዞ ሳይሆን ጥሬ ብር ይዞ ነው። የክረምቱ ኪራይ፣ የቤቱ ቀለብ፣ የዩኒፎርሙ መግዣ ግንቦት ላይ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ያልተሸጠውም ዕቃ ቢሆን በመጣበት ዋጋ ተሽጦ ወደ ብር መለወጥ አለበት። ይህን ከአባቴ ነው የሰማሁት። ሲናገሩት ቁርአን የሚያስቀራ ኡስታዝ ይመስሉ ነበር።

ሲናገሩት እንጂ ሲያደርጉት አላየሁም። ምክንያቱም እኔ ሱቅ በገባሁባቸው ዓመታት ክረምት አያስፈራም ነበር። ኢድ አልፈጥር የሚውለው በሐምሌ ነበር፣ ቀጥሎም በሰኔ። የገጠሩ ሰው በውኃ ተከቦ ሲጠፋ፣ የከተማው ሙስሊም በረመዳን ማለቂያ ልጆቹን አስከትሎ ይመጣል። ልጅ አዲስ ልብስ ሳይለብስ ኢድ አይወጣም። ዐረፋ ሲመጣ ብሩ ለበግ ነው የሚሄደው፤ የልብሱ በዓል ፈጥር ነው። ያ ገበያ የክረምቱን ኪራይ ይከፍልልን ነበር። ለክረምት ብር ማስቀመጥን ሳናስበው ተውነው።

ረመዳን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ እንደሚመጣ የማያውቅ ሙስሊም የለም። አባቴም ጾሙ የሚገባበትን ቀን ከማንም ቀድመው ያሰላሉ። ግን መስጊድ ያወቁትን ወደ ሱቅ አያመጡትም፤ በሩ ላይ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ዕውቀቱን እዚያው ትተውት ይመጣሉ። ኢዱ ከሰኔ ወደ ግንቦት፣ ከግንቦት ወደ ሚያዝያ ሸሸ። ክረምታችን በየዓመቱ ሳሳ። አባቴ “ጊዜው ከፋ” ይላሉ። ጊዜውማ ከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሱቃችን የሄደው ግን ኢዱ ነው።

ከዚያ ያ ሚያዝያ መጣ። ፋሲካ እሑድ ዋለ፣ በዚያው ሳምንት ዓርብ ኢድ ሆነ። ሰሙነ ሕማማትና የረመዳን መጨረሻ ተደራረቡ። ቀን ገበሬው፣ ማታ ከኢፍጣር በኋላ የከተማው ሰው፤ ሱቃችን እስትንፋስ አጣ። የልጆች ልብስ ቀድሞ አለቀ፣ ቀጥሎ ነጠላና ጀለቢያ፣ በመጨረሻ ሰው መስኮት ላይ የተሰቀለውን ለማሳያ የቆየ ሱፍ ሳይቀር እያወረደ ገዛ። “አልቋል” ብዬ የመለስኩት ሰው ከሸጥኩለት የሚበልጥ መሰለኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የኢዱ ማግስት አባቴ ባዶው መደርደሪያ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

“እንዲህ ያለ ሳምንት አንድ ጊዜ አይቻለሁ” አሉኝ። “ከሠላሳ ዓመት በላይ ይሆነዋል። ያኔ ጨርቅ በጀርባዬ ተሸክሜ ከገበያ ገበያ ነበር የምዞረው። ኢድና ፋሲካ ገጠሙና በዚያ ገንዘብ ይህን ሱቅ ያዝሁ። አሁንም አላህ ደገመልኝ።”

“እና ምን አሰቡ አባ?”

“ሁለተኛ ሱቅ እንከፍታለን። ‘አልቋል’ ብለሽ ስንቱን መለስሽ?”

ከመናኸሪያው ወዲያ አዲስ ፎቅ ተሠርቶ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ሱቅ ለኪራይ ቀርቧል። ባለቤቱ የዓመት ኪራይ ቅድሚያ ይፈልጋል። የምንከፍለው ደግሞ ያንኑ የሚያዝያውን ብር ነው።

“አባ፣ ይኸ እኮ የሁለት በዓል ገበያ ነው” አልኋቸው። “አንዱ ወር አበጠ እንጂ ዓመቱ አልጨመረም። ክረምቱንስ በምን እንሻገራለን?”

“ክረምቱ መቼ ሳያልፍልን ቀርቶ ያውቃል?” አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ኢዱ አሻግሮን እንደነበር ለመናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የአባቴ ፊት እንደዚያ በርቶ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም። ብናገርም የሚሰሙኝ አይመስለኝም። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሁለት ሱቅ የሚሞላ ዕቃ ከባሕር ዳር መጣ። ግማሹ በዱቤ ነው። የባሕር ዳሩ ጅምላ ነጋዴ የብዙ ዓመት ደንበኛችን ስለሆነ እስከ መስከረም መጨረሻ የመክፈያ ጊዜ ሰጠን። በግንቦት ሠርግ ጥቂት ሸጥን። ሰኔ ላይ ሁለቱም ሱቅ ጸጥ አለ። እኔ አዲሱ ሱቅ ውስጥ፣ አባቴ አሮጌው ውስጥ ተቀምጠን ዝናብ እንሰማለን። አዲሱ ሱቅ ከገበያው መንገድ ወጣ ያለ ነው፤ በበዓል ግርግር ጊዜ የተትረፈረፈው ሰው ይደርስበት ይሆናል፣ በአዘቦት ግን ጥግ ለመያዝ ካልሆነ ማንም አይቆምበትም።

በሐምሌ የአሮጌውን ሱቅ ኪራይ መክፈል አቃተን። አከራይዋ ባል የሞተባቸው፣ በዚያች ኪራይ የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ለጊዜው ታገሡን። እኔ ዕቃውን በመጣበት እንሽጠው አልሁ። “ቅናሽ” ብለን ለጠፍን፣ ዋጋ ቀነስን፣ ግን ለመቀነስም ቢሆን ገዥ መኖር አለበት። በሐምሌ ቅናሽ የሚባል ነገር ከንቱ ነው፤ ቅናሽ የሚደረገው ግንቦት ላይ ሰው ኪሱ ውስጥ የሆነ ነገር ሳለ ነው። ነሐሴ ላይ ተኩስ ተሰማ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ለቀናት ሱቅ መክፈትም ቀረ። ጎረቤቶቻችን አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፤ ቢከፈትስ ለማን ልንሸጥ?

መስከረም ላይ መንገዱ ከፈት ሲል ዩኒፎርም ያመጡት ብር የነበራቸው ናቸው። እኛ ያለን የሠርግ ቀሚስ ነው።

አባቴ የያዙት አንድ ተስፋ ነበር፤ ሩዙ እስኪደርስ መቆየት። በጥቅምት አንድ ቀን አብረን ሜዳው ድረስ ወጣን። ሩዙ አምሮበታል፣ ራሱን ደፍቶ መብሰል ጀምሯል። ውኃው ሸሽቷል። አባቴ ማሳው ዳር ቆመው አንዱን ዛላ በእጃቸው መዘኑት።

“ጥቂት ሳምንት ነው የቀረን” አሉ። “ጥቂት ሳምንት ብቻ ቢታገሡን።”

ከዚያ ሳያዩኝ ጠየቁኝ። “ኢድ ሐምሌ ላይ የሚመለሰው መቼ ነው?”

በጣቴ ቆጠርኩ። “ሃያ ምናምን ዓመት ይቀረዋል አባ።”

ሰባን ካለፉ ቆይተዋል። “እሱን አንቺ ታገኚዋለሽ” አሉና ወደ መንገዱ ተመለሱ። ያን ቀን የሚያዝያው ስህተት እንደገባቸው አወቅሁ፤ ባይገባቸው በወደድሁ።

አልታገሡንም። ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። አከራይዋ የአራት ወር ኪራይ እያዘኑ ተዉልንና ሱቁን ለሚከፍል ሰው ሰጡት። ጅምላ ነጋዴው ራሱ ሚኒባስ ይዞ መጣ። እሱም ከላይ የሚጠይቁት አሉ፤ ደግሞ የሩዙ ገበያ እየመጣ መሆኑን ከእኛ እኩል ያውቃል። የሚሸጥበት ሰሞን ከመድረሱ በፊት ዕቃውን ሰብስቦ ብር ላለው ነጋዴ ማደል አለበት። ቀሚሱን፣ ሱፉን፣ ጋቢውን እየቆጠረ ጫነ፤ ሸጠን ላልከፈልነው ማካካሻም ከራሳችን ዕቃ ላይ የቆየውንና ፋሽኑ ያለፈውን ትቶ የተሻለውን ወሰደ። አባቴ መሰላሉን ያዙለት።

የቀረን የዓመት ኪራይ የተከፈለበት፣ ከተናቀው ጥቂት ዕቃ በቀር ባዶ የሆነ ሱቅ ነው። የሚረከበን ሰው ፈለግን፤ አልተገኘም።

ኅዳር ላይ ሩዙ ተወቃ። ከተማው ሞላ። ከባለፈውም የበለጠ መሰለኝ፤ ሰው በመንገዱ መዘጋት ሳይገዛ ከርሞ ነበርና። እኔ በየቀኑ እየሄድኩ አዲሱን ሱቅ እከፍታለሁ፣ ለምን እንደምከፍተው አላውቅም። አባቴ በሩ ላይ ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ከቁሐር ሚካኤል የሚመጡ የድሮ ደንበኛቸው፣ ሚስታቸውንና የምትዳር ልጃቸውን ይዘው መጡ። የትልልቅ ልጆቻቸውን ልብስ ሁሉ ከእኛ ነው የገዙ። አሮጌው ሱቅ ሄደው ሌላ ሰው ቢያገኙ ጠይቀው ጠይቀው እኛ ጋ ደረሱ።

“ሐጂ፣ ወዲህ ዞራችኋል እንዴ?” አሉ፤ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩ። መደርደሪያውን አዩና ጠፋባቸው። “ዕቃው አልደረሰማ?”

አባቴ ተነሡ። ይደርሳል ቢሏቸው ሰውዬው ይጠብቁ ነበር፤ እንደዚያ ያሉ ሰው ናቸው። “አልደረሰም” አሉ አባቴ። “ኑ፣ እኔ ከሚሆነው ቦታ ልውሰዳችሁ።”

ተከተልኋቸው። የወሰዷቸው ገበያው መንገድ ላይ ካለ ሱቅ ነው፤ ብዙ ዓመት ደንበኛ ስንሻማ ከኖርነው ሰው ዘንድ። ጅምላ ነጋዴው ጭኖ የወሰዳቸው ቀሚሶች እዚያ ተሰቅለዋል፤ አንዱን በጥልፉ ለየሁት። አባቴ በራሳቸው ሱቅ እንደሚያደርጉት ቀሚሱን ከማንጠልጠያው አውርደው ለልጅቱ ትከሻ ላይ ለኩት፣ ስፌቱን ገልብጠው አሳዩ፣ ለአባትየው ሱፍ መረጡ፣ ዋጋውን ራሳቸው ተከራክረው አስቀነሱላቸው። ሰዎቹ መርቀዋቸው ሄዱ።

ባለሱቁ ከባንኮኒው ወጣና የተጣጠፈ ብር በሁለት እጁ አቀረበላቸው። “ለድካምዎ ነው ሐጂ። ሌላም ሲኖር ይዘው ይምጡ፣ አናስቀይምዎትም።” በአክብሮት ነው ያለው፤ ያ ነው የባሰብኝ። መናኸሪያ በር ላይ ገዥ እየጎተቱ ለሚያመጡ ደላሎች የሚሰጠው ነው።

አባቴ ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ። እንዲመልሱለት በዐይኔ ለመንኋቸው። እሳቸው ግን ቀለቡን ያውቃሉ፤ እስከ ገና የሚመጣውን ሰው ብዛትም ያውቃሉ። ብሩን ተቀብለው ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱትና “ነገ ከጠዋቱ እመጣለሁ” አሉት።