የሠንጠረዥ አራት የግርጌ ማስታወሻ

ዊዳድ ነገር መጣል አይሆንላትም። ኮምቦልቻ በተከራየቻት ክፍል የተበላሸ ቻርጀር እንኳ ተጠቅልሎ በክብር ይቀመጣል። እንግዲህ ሠላሳ ሁለት ገጽ ጥናት በዐሥር ደቂቃ አቅርቢ ተብላ ደሴ ለጤና ጥናት ጉባኤ የተጠራችው እንዲህ ያለችው ሴት ናት።

ጥናቱ በቢስቲማ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስትሠራ ስለተከታተለቻቸው መቶ ሰማንያ ስድስት የቲቢ ሕሙማን ነው፤ የስድስት ወሩን መድኃኒት ማን ጨረሰ፣ ማን አቋረጠ። ባለፈው ዓመት ሌላ ጥናት ይዛ ቀርባ ነበር። ስላይዱን ልክ እንደ ጽሑፉ ከመግቢያው ጀምራ ደርድራው ስለ ናሙና አመራረጥ ስታብራራ ሰዓቷ አለቀ። ውጤቱ ሳይነገር አጨበጨቡላት፤ ለምኑ እንዳጨበጨቡ እነሱም አያውቁት። ዘንድሮ ግን የዞኑ ጤና ኃላፊዎች ይገኛሉ። ብቻውን ለሚታመም ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ የሚከታተለው ደጋፊ ይመደብለት የምትለውን ሐሳብ ካልሰሟት ያ ሁሉ ልፋት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

አብሯት ያጠናው ሀፊዝ አዲስ አበባ ከተዛወረ ወዲህ የሚልከው አጫጭር የድምፅ መልእክት ብቻ ነው። «ወላሂ ጊዜ አጣሁ ዊዳድ። ሃያ አራት ስላይድ ግን ምን ጉድ ነው? ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም፤ ቁረጪው!»

ለሱ ምን አለበት! አራት ወር የፈጀባትን የስሌት ሠንጠረዥ ልትሰርዝ ጣቷን ታሳርፍና መልሳ ታነሣዋለች። የሚሰማት ሰው ስለሌለ በስልኳ እየቀዳች ለግድግዳው አቀረበች። ጥሩ መሰላት። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም።

ጉባኤው ሁለት ቀን ሲቀረው ለመመዝገብ ወደ ደሴ ወጣች። ሚኒባሱ ውስጥ ማዳመጫዋን ሰክታ የቀዳችውን ከፈተችው። የሐረጎን ዳገት መውጣት ሲጀምሩ በጆሮዋ ያለችው ሴት ገና ስለ ናሙና ትለፈልፋለች። ዊዳድ የገዛ ጥናቷ ሰለቻትና በመስኮት ታይ ጀመር።

ድንገት የሴትዮዋ ድምፅ ተለወጠ። ዝግ አለ፤ ሰው ሰው ሸተተ። መለስ አድርጋ ሰማችው። ሠንጠረዥ አራት ግርጌ ያለችው፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር ናት፦ «በደጋፊ ቦታ የራሳቸውን ስም ያስመዘገቡ ሕሙማን ደጋፊ እንደሌላቸው ተቆጥረዋል።»

ይህችን መስመር ያስጻፋት ሰውዬ ትዝ አላት። የቀን ሠራተኛ ነበር። «ብትቀር ማንን እንጥራ?» ብላ ስትጠይቀው ብዙ አስቦ፣ «የኔኑ ስም ጻፊው እህቴ። ሌላማ ማን አለኝ?» አላት። መረጃውን መጀመሪያ ስታስገባ፣ ቦታው ተሞልቷል ብላ ደጋፊ ካላቸው ጋር ደምራው ነበር፤ ኋላ ነው ያረመችው። 

ደሴ ወርዳ የምዝገባውን ቅጽ በጥድፊያ ሞላች፤ ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ድንገት ችግር ቢያጋጥም የሚደወልለት ሰው ስልክ። ከዚያ ወደ ክፍሏ በረረች።

ያን ቀን መቁረጥ አልከበዳትም። የመጀመሪያው ስላይድ ላይ ስም የሌለው አንድ የመዝገብ መስመር ብቻ ቀረ፦ «ደጋፊ፦ ራሱ።» ቀጥሎ ሁለት ዘንግ ያለው ግራፍ፦ ደጋፊ ከሌላቸው ሠላሳ አንድ ሰዎች ዐሥራ ሦስቱ አቋርጠዋል፤ ደጋፊ ካላቸው መቶ ሃምሳ አምስት ስድስቱ። የአጠናን ዘዴው በአንድ ስላይድ ተጠቃለለ። የአራት ወሩን ሠንጠረዥ፣ ጠያቂ ከመጣ ብላ፣ ከመጨረሻው ስላይድ ኋላ ደበቀችው። አንድ ነገር ግን ሀፊዝ ቢቆጣም አልቆረጠችም፦ «ይህ የአንድ ጤና ጣቢያ ውጤት ነው፤ ደጋፊ ማጣት ብቻውን አስቋረጣቸው ማለት አይቻልም።» ሃያ አራቱ ስምንት ሆነ።

በጉባኤው ዕለት የመጀመሪያው ስላይድ ሲበራ፣ ፊት ወንበር ላይ ስልካቸውን ሲነካኩ የነበሩት ኃላፊ ቀና አሉ። አንድ ደቂቃ ሲቀራት ጨረሰች።

«ታዲያ ከእኛ ምን ይፈልጋሉ?» አሏት ኃላፊው።

«የራሱን ስም ያስመዘገበ ሰው ሲመጣ፣ በዚያው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትመደብለት። አለቀ» አለች። ሰውየው ጻፉት።

ለዕረፍት ሲወጡ አቅራቢው ሁሉ ከወዳጁ ጋር ፎቶ ይነሣል። ዊዳድ ቦርሳዋን ታቅፋ ከግድግዳው ተጠጋች። ጥናቷ እንዲህ በተሰማበት ቀን፣ ተሰማልኝ ብላ የምትደውልለት ሰው አሰበች፤ አላገኘችም። መዝጋቢዋ እየሩስ አንድ ወረቀትና ብዕር ይዛ መጣች።

«እህቴ፣ ተሳስተሽ ነው መሰለኝ። የሚደወልለት ሰው በሚለው ላይ የራስሽን ስልክ ነው የጻፍሽው።»

ዊዳድ አየችው። በገዛ እጇ፣ ሳታስበው። ብዕሩን ተቀብላ ወረቀቱ ላይ ታሳርፍና መልሳ ታነሣዋለች።

እየሩስ በር ላይ ቆማ ንግግሩን ሰምታ ነበር። ብዕሩን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችና የዊዳድን ቁጥር ሰርዛ የራሷን ጻፈች።