እንቁላሏ ስትንከባለል ማን አየ?

ሀሴት የካራ ሰፈር ልጅ ናት። ተማሪ ሳለች የደብተሯ ጠርዝ ሁሉ በእንስሳት ሥዕል ተሞልቶ መምህሮቿን ያስቆጣ ነበር። ዛሬ ሲ.ኤም.ሲ ባለ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ የካርቱን ፊልም ዳይሬክተር ናት።

የመጀመሪያ ፊልሟ የአንድ ግልገል ጅብ ታሪክ ነው። የጅግራ እንቁላል ከጎጆዋ አምልጣ ቁልቁል ትንከባለላለች፤ ግልገሉ ያገኛትና ጥርሱ እንዳይነካት እየተጠነቀቀ በአፉ ይዞ፣ ዳገቱን ወጥቶ ለእናቷ ይመልሳታል። ታሪኩ ይኸው ነው።

ዋናው ሥራ ሳይጀመር አኒማቲኩን፣ ማለትም የፊልሙን ረቂቅ፣ ለልጆች ማሳየት ነበረባቸው። ገና የማይንቀሳቀሱ የእርሳስ ሥዕሎች በፊልሙ ላይ የሚቆዩትን ያህል እየቆዩ በየተራ ያልፋሉ፤ ድምፁም ጊዜያዊ ነው። ለግልገሉ ድምፅ የሰጠችው ሀሴት ራሷ ናት። ልጆችን ለማሳቅ የገባውን የጦጣ ጩኸት ደግሞ የስቱዲዮው ባለቤት ጋሽ ሕሩይ ጮኹት፤ አሳምረውም ጮኹት።

ካራ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ፣ ወላጆች ፈቅደው፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ከስክሪኑ ሥር ፊታቸውን የምትቀርጽ ትንሽ ካሜራ ተተከለች። የምትጠይቃቸው መምህርታቸው አፀደ ነበረች፤ ፊልሙን የሠራው ሰው ከጠየቀ ልጅ ለማስደሰት ሲል «ጥሩ ነው» ይላልና።

«ሥዕሎቹ ገና አላለቁም፤ ያልገባችሁን እንድናስተካክል ትነግሩናላችሁ፣ እሺ?» አለቻቸው።

ጦጣው ሲጮህ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሕሩይ ከኋላ ሆነው ደረታቸውን ነፉ። ሲያበቃ አፀደ፣ «እስቲ ታሪኩን ንገሩኝ» አለች።

«ጅቡ እንቁላል ሰረቀ!» አለ አንዱ።

«ከዚያ ግን ፈራና መለሰ» አለች ሌላዋ።

ሁሉም ተስማሙ። ግልገሉ ሌባ ሆኖ ቀረ። ሀሴት ጆሮዋ ጋለ፤ ደግነቱን ልታሳይ የደከመችለት ፍጥረት በልጆች ፊት ተፈረደበት።

ወደ ስቱዲዮ ሲመለሱ ጋሽ ሕሩይ፣ «ጅብ ስለሆነ ነው፤ ልጆቻችን ጅብን አያምኑም። በጥንቸል ቀይሪውና ይለቅ» አሏት።

«የልጆቹን ፊት ልይና እንነጋገር፣ ጋሼ።»

አኒማቲኩንና የልጆቹን ቪዲዮ ጎን ለጎን አድርጋ፣ ሰዓታቸውን አገጣጥማ ከፈተች። እንቁላሏ ከጎጆዋ የምታመልጠው በስክሪኑ ግራ ጥግ ነው። በዚያችው ቅጽበት ግን ጦጣው በቀኝ በኩል ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ይጮሃል። የልጆቹ ዓይን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ወደ ቀኝ! እንቁላሏን ያዩዋት ጅቡ አፍ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። ታዲያ ምን ይፍረዱ? ጥፋቱ የጅቡም የልጆቹም አልነበረም፤ የእሷ ነበር።

«ጦጣው ከዚያ ቦታ መነሣት አለበት» አለች።

«ልጆቹ እንደዚያ የሳቁት እኮ እዚያ ብቻ ነው!»

«ሳቁ፤ ታሪኩ ግን አመለጣቸው፣ ጋሼ። ደግሞ አናጠፋውም፤ እንቁላሏ ቤቷ ከገባች በኋላ ይምጣ።»

ጋሽ ሕሩይ አኮረፉ፤ ቪዲዮውን አስመልሰው ካዩ በኋላ ግን፣ «እውነትሽን ነው፤ ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት» ብለው ሳቁ።

ሀሴት አዲስ ሥዕል ሣለች። እንቁላሏን አቅርባ መሐል አመጣቻት፤ ከጎጆው አፋፍ ላይ እንድትዋልል ጊዜ ሰጠቻት፤ ድምፁንም ሁሉ ዝም አሰኘችው። ጅቡን አልነካችውም።

ያዩት ልጆች ታሪኩን ስለሚያውቁ ለሁለተኛው ሙከራ ሌሎች ልጆች ያስፈልጉ ነበር። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ የሰፈሩን ልጆች ሰበሰቡ። አፀደም አብራቸው ወጣች። ሀሴት ከጎን ቆማ ስክሪኑን ትታ ፊታቸውን ብቻ ታያለች።

እንቁላሏ ስትዋልል አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዱ ልጅ ትንፋሹን ዋጠ።

«ወደቀች!» ብለው ጮኹ፣ በአንድ አፍ።

ግልገሉ አፉን ሲከፍት አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ሸፈኑ። ዳገቱን ሲጀምር ግን፣ «ቀስ! ቀስ በል! እንዳትሰብራት!» እያሉ ይመክሩት ጀመር። የጋሽ ሕሩይ ጦጣ በመጨረሻ ሲመጣ ሳቁ ከካራው በለጠ፤ ተጨንቀው ነበርና። የማብቂያው ዘፈን ግን ረዘመባቸው፤ ከወንበር እየወረዱ መላፋት ያዙ። እሱም ገና ይቆረጣል።

አፀደ ጥያቄዋን ሳትጨርስ እናቶች መጡ። ኪያ የምትባል የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ የእናቷን ነጠላ ይዛ፣ «እማዬ፣ እንቁላሏ ራሷ ነው የወደቀችው፤ ጅቡ አልሰረቀም። እናቷ እንዳታለቅስ ብሎ ወሰደላት» አለቻት።

«ጅብ?» አሉ እናት፣ በጥርጣሬ።

«አዎ፣ ጅብ! እኔ አይቻለሁ!»

ሀሴት በሩ አጠገብ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ጋሽ ሕሩይ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ «ዳይሬክተር!» አሏት። ስቱዲዮ ውስጥ ማንም እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም ነበር። አላፈረችም፤ ቀና ብላ፣ «አቤት ጋሼ» አለች።