ስለ አባቴ ደብተር የጻፍኩት ማስታወሻ

አባቴ አሰላ ከመምጣታቸው በፊት፣ በወጣትነታቸው፣ ሴት በማይገባበት አንድ የሰሜን ገዳም ሰባት ዓመት በረድእነት አገልግለዋል። ውሃ ቀዱ፣ እንጨት ለቀሙ፣ የመነኮሳቱን ነገር ሁሉ በልባቸው ያዙ። መንኩሰው ግን አልቀሩም። ወጥተው አገቡ፣ እኔን ወለዱ፣ አሰላ ላይ የከተማውን ልጆች ፊደል አስቆጠሩ። የገዳሙን ኑሮ በአንድ ወፍራም ደብተር ጽፈውታል። ለእንግዳ ሁሉ የሚያነቡት የመጨረሻውን ገጽ ነበር፤ የሚወጡ ዕለት መምህራቸው፣ አንድ አረጋዊ መነኩሴ፣ እስከ በር ሸኝተው እንደመረቋቸው የሚናገረውን። እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሰበር ነበር።

በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመመረቂያ ጥናቴን ስለ ገዳማት ሥርዓት ልሥራ ስል ያልሳቀብኝ የለም። ጓደኞቼ ስለ ገበሬ ማኅበር ይጽፋሉ፣ እኔ ስለ ቆብና መቁጠሪያ! አማካሪዬ ግን አልሳቁም። መጀመሪያ የምጠቀምባቸውን መጻሕፍት ዘርዝሬ፣ ለእያንዳንዱ በአንድ ካርድ ላይ ማስታወሻ እንድጽፍ አዘዙኝ። ሃያ ካርድ ጽፌ ኮራ ብዬ ወሰድኩላቸው። ሁሉንም መለሱልኝ።

"ይሄ መጽሐፉ ያለውን መድገም ነው፤ እሱንማ ራሴ አነበዋለሁ" አሉኝ። "ሰውየው ይህን በምን አወቀ? ከሌሎቹ ጋር ይስማማል ወይ? ለጥናትሽስ ምን ይረባል? እሱን ንገሪኝ።"

እንደገና ጀመርኩ። አንድ የውጭ አገር ተጓዥ ገዳሙ ውስጥ የቆየው ሦስት ቀን፣ ያነጋገረውም በአስተርጓሚ መሆኑን አየሁ፤ ስለ ሕንፃው ይታመናል፣ ስለ ጸሎቱ ግን ጥንቃቄ ያሻል ብዬ ጻፍኩ። አንድ ገድል ደግሞ ጻድቁ ካረፉ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ ስለሆነ፣ ከጻድቁ ኑሮ ይልቅ የጸሐፊዎቹን ሐሳብ ለማወቅ እንደሚጠቅም አስተዋልኩ። ደስ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በሰው ላይ መፍረድ እንዴት እንደሚጣፍጥ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ለክረምት አሰላ ስመጣ አባቴ ደብተሩን በነጠላ ጠቅልለው ሰጡኝ።

"እኔ የገባሁበት አንቺ አትገቢም፤ በእኔ ዓይን እዪው።"

አንብቤ ካርድ ጻፍኩለት። "ያልታተመ የእጅ ጽሑፍ። ጸሐፊው በገዳሙ ስለኖሩ፣ ስለ ዕለታዊ ሥራ የሚሉት ከሌሎቹ ምንጮች ይበልጣል። ነገር ግን ያዩትን ከሰሙት አይለዩም። አንዳንዱ ለማሳመር የተጨመረ ይመስላል። ለብቻው ሊታመን አይገባም።" ጥሩ ካርድ ነበር፤ አማካሪዬ እንደሚያመሰግኑኝ ታየኝ። ጠረጴዛ ላይ ትቼው ገበያ ወጣሁ።

ስመለስ አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ካርዱን ይዘው ተቀምጠዋል።

"ይሄ እኔ ነኝ?" አሉኝ።

"አባዬ፣ ለሁሉም እንዲህ ነው የሚጻፈው…" አልኩ። ልቀደው እጄን ስዘረጋ ካርዱን ሸሸት አደረጉት።

"ተይው። ለፈረንጁ ያላደላሽ ለእኔ ለምን ታደያለሽ? ደብተሩን ግን ለጥቂት ጊዜ መልሺልኝ፤ አንድ የምሠራው ነገር አለኝ።"

አዲስ አበባ ተመለስኩ። ማንበብ የማታውቀው እናቴ በጎረቤት እጅ ባስጻፈችው ደብዳቤ፣ አባቴ ቀይ ቀለም በጥብጠው ቀኑን ሙሉ ደብተሩ ላይ እንዳቀረቀሩ ነገረችኝ። ምን እንደሚሠሩ ገባኝ። ደብተሩን ሳየው ካርዱን አስተካክላለሁ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል የማስረከቢያው ቀን ደረሰ፤ ካርዱም እንዳለ በታይፕ ተመታ። ጥናቱን ካስረከብኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ የአባቴ መርዶ መጣ።

ከለቅሶው በኋላ ደብተሩን ገለጥኩ። በየመስመሩ ጠርዝ በቀይ ቀለም "አየሁ"፣ "ሰማሁ" ይላል፤ "ሰማሁ" ባለበት ደግሞ ከማን እንደሰሙት ተጽፏል። አብዛኛው "አየሁ" ነበር። ለማሳመር የተጨመረ መስሎኝ የነበረውን ሁሉ በዓይናቸው አይተውታል። አፈርኩ። እየገለጥኩ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። የምርቃቱ ታሪክ በአንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ተሰርዟል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "አላየሁም፣ አልሰማሁም። መምህሬ ቅዳሴ ላይ ሳሉ፣ ሳልሰናበታቸው ነው የወጣሁት።"

ያችን ገጽ ይዤ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዘመን ደግፋ ያኖረቻቸውን አንዲት ውሸት በካርዴ ነጠቅኳቸው። ጥናቴ ዛሬም ዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ አለ፤ ስለ አባቴ ደብተር "ለብቻው ሊታመን አይገባም" እንዳለ ነው።

እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እስቲ ያችን የምርቃቷን አንብቢልኝ" አለችኝ፤ "ድምፃቸው ይምጣልኝ።"

የተሰረዘውን አነበብኩላት።